ማን ይተርፋል? ቀይ የደም ህዋስ ከመቅኔ እስከ ደም ሥር

የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ የአጥንት መቅኔ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ህዋሶችን ይወልዳል። በቀን ሲሰላ ወደ 200 ቢሊዮን ይጠጋል። በዚያው ልክ ያረጁት በየቀኑ ይወገዳሉ፤ አንድ ቀይ ህዋስ በደም ውስጥ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነውና። የሚወለደውና የሚሞተው ስለሚመጣጠን የአንድ ጤነኛ ሰው የሄሞግሎቢን መጠን ዛሬም ሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢለካ ብዙ አይለያይም። ደም ሲፈስ ግን ምርቱ በቀናት ውስጥ ያድጋል፤ ጉድለቱ ሲሞላ ደግሞ ተመልሶ ይረጋል።

ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ማን ነው? ብዙዎቻችን የምናውቀው መልስ አጭር ነው፦ ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፣ ሆርሞኑም መቅኔውን ቀይ ደም እንዲሠራ ያዘዋል። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘላል። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው ምርምር ያሳየን ሆርሞኑ በአብዛኛው ህዋሶችን እንደማይፈጥር፣ ሊሞቱ የተዘጋጁትን እንደሚያተርፍ ነው። ይህ ልዩነት ከተያዘ የደም ማነስ ምርመራን ማንበብ፣ የኩላሊት ታማሚ መርፌ ለምን አንዳንዴ እንደማይሠራ መረዳትና የደጋ ሰውን ደም መመዘን ይቀላል። ይህ ዳሰሳ ህዋሱን ከመነሻው እስከ መድረሻው እየተከተለ ያንን ያሳያል።

ከግንድ ህዋስ እስከ ቀይ ዘር

ነጩም ቀዩም ህዋስ፣ ደም የሚያረጋውም ፕላትሌት፣ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ዓይነት የግንድ ህዋስ ነው። ይህ በጠንካራ ማስረጃ የታየው እ.ኤ.አ. በ1961 በካናዳ ቶሮንቶ ነበር። ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ መቅኔያቸው በጨረር የተደመሰሰ አይጦችን ወስደው ከጤነኛ አይጥ የተቀዳ መቅኔ ወጓቸው። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ እባጮች ታዩ። እያንዳንዱ እባጭ ከአንድ ህዋስ ብቻ የተነሣ ሲሆን በውስጡ ልዩ ልዩ የደም ህዋሶች ተገኙ።

የግንድ ህዋሶች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ደሙን በማምረት የሚሳተፉት ከ50,000 እስከ 200,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ራሳቸው የሚከፈሉት አልፎ አልፎ ነው። የየቀኑ 200 ቢሊዮን የሚገኘው ከእነሱ ፍጥነት ሳይሆን ከእነሱ በታች ባሉት ትውልዶች ተደጋጋሚ ክፍፍል ነው። የግንድ ህዋስ ልጆች በየእርከኑ ምርጫቸው እየጠበበ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የነጭ ህዋስ መንገድ ከፊታቸው ይዘጋል፣ ቀጥሎ ቀይ ህዋስ ወይም ፕላትሌት የሚሰጠውን ህዋስ ከመሆን ሌላ ምርጫ አይቀርም፣ በመጨረሻ ቀዩ ብቻ ይቀራል።

ወደ ቀይ ዘር ብቻ የገቡት ህዋሶች ሁለት እርከን አላቸው። በአጉሊ መነጽር ከሌላው የመቅኔ ህዋስ ስለማይለዩ የተሰየሙት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሚያሳዩት ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ቢኤፍዩ-ኢ ይባላል። ብዙ ጊዜ የመከፈል አቅም ስላለው በሁለት ሳምንት ውስጥ በርካታ ክምር ያለው ትልቅ መንጋ ይሠራል። ሁለተኛው ሲኤፍዩ-ኢ ሲሆን ወደ ብስለት የቀረበ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አነስተኛ መንጋ ሠርቶ ያበቃል። ቢኤፍዩ-ኢ በላዩ ላይ የኤሪትሮፖይቲን ተቀባይ ጥቂት ብቻ ስላለው ሕይወቱን በዋናነት የሚጠብቁት ሌሎች የመቅኔ ፕሮቲኖች ናቸው። ሲኤፍዩ-ኢ ላይ የተቀባዮቹ ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳል። የሆርሞኑ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሆርሞኑ የሚጠበቅበት በር

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካውያኑ ማርክ ኩሪና ሞሪስ ቦንዱራንት በዚህ እርከን ላይ ያሉ የአይጥ ህዋሶችን ኤሪትሮፖይቲን ከልክለው ተመለከቱ። ሆርሞኑ ማዘዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ህዋሶቹ ትእዛዝ እስኪመጣ ሥራ ፈትተው በተቀመጡ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ዲኤንኤያቸው ተበጣጥሶ ሞቱ። ሆርሞኑ የደረሳቸው ተርፈው ብስለታቸውን ቀጠሉ።

በህዋሱ ውስጥ የሚካሄደውም ይህንኑ ይደግፋል። ኤሪትሮፖይቲን ሁለት ተቀባዮችን አንድ ላይ ይይዛል። ከተቀባዮቹ ሥር ያለው ጃክ2 የተባለ ኢንዛይም ይነቃና ስታት5 የተባለውን ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይልካል። ስታት5 ከሚያበራቸው ጂኖች አንዱ ቢሲኤል-ኤክስኤል የተባለ ፕሮቲን ያስመርታል፤ የዚህ ፕሮቲን ሥራ ህዋሱ ራሱን እንዳያጠፋ መከልከል ነው። መልእክቱ ከተቋረጠ መከላከያው ይነሣል።

እንግዲህ መቅኔው ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ እጩዎችን ያዘጋጃል ማለት ነው። ነገሩ ገበሬ በችግኝ መደብ ላይ አብዝቶ ዘርቶ፣ ውሃ የደረሰው ብቻ እንደሚያድግለት ነው። እጩዎቹ ለሆርሞኑ ያላቸው ፍላጎትም እኩል አይደለም። አንዳንዱ በጥቂቱ ይተርፋል፣ ሌላው ብዙ ይፈልጋል። በጤና ጊዜ የሚተርፉት በጥቂቱ የሚበቃቸው ናቸው። ደም ሲፈስ ሆርሞኑ ይጨምርና ያለዚያ ይሞቱ የነበሩት ጭምር በሩን ያልፋሉ። ምርቱ እንደ ጉድለቱ መጠን ከፍ ዝቅ ማለት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆርሞኑ በጣም ሲበዛ ከዚህ ቀደም ባሉት እርከኖች ላይም ወደ ቀይ ዘር የመግፋት ተጽዕኖ እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የዕለት ተዕለቱ ሚዛን ግን የሚጠበቀው በዋናነት በዚህ በር ላይ ነው።

ኩላሊት እንዴት ያውቃል?

በደም ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት አለ ብለው መጀመሪያ የተናገሩት ፈረንሳውያኑ ፖል ካርኖና ክሎቲልድ ዴፍላንድር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 ደም ከተቀዳባት ጥንቸል የተወሰደ ሴረም ሌላዋን ጥንቸል ቀይ ህዋስ እንዳበዛላት ጻፉ። ሌሎች ሙከራውን መድገም ስላቃታቸው ነገሩ ለአሥርት ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1953 አለን ኧርስሌቭ የደም ማነስ ካለባቸው ጥንቸሎች ብዙ ፕላዝማ በመስጠት መልእክቱ መኖሩን አረጋገጠ። በ1957 ደግሞ የቺካጎው የሊዮን ጃኮብሰንና የዩጂን ጎልድዋሰር ቡድን ከአይጦች ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎችን እያወጣ ፈተነ፤ ምላሹ የጠፋው ኩላሊት ሲወጣ ነበር።

ሆርሞኑን ለይቶ ማውጣት ሌላ 20 ዓመት ፈጀ፤ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነውና። መፍትሔው የተገኘው ከጃፓን ነው። መቅኔያቸው መሥራት ያቆመባቸው ታማሚዎች ደማቸው ስለሚያንስ ኩላሊታቸው ሆርሞኑን አብዝቶ ያመነጫል፤ ትርፉም በሽንት ይወጣል። ታካጂ ሚያኬ ከኩማሞቶ ታማሚዎች የተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት ደርቆ የቀረውን ይዞ ቺካጎ ሄደ፤ በ1977 ከዚያ ሁሉ 10 ሚሊግራም ያህል ንጹሕ ኤሪትሮፖይቲን ተገኘ። ይህ ጂኑን ለማግኘት በር ከፈተ። የፉ-ኩዌን ሊን ቡድን በ1983 ጂኑን ለየ፤ መድኃኒቱም በ1989 በአሜሪካ ተፈቀደ።

በኩላሊት ውስጥ ሆርሞኑን የሚሠሩት በሽንት ቱቦዎቹ መካከል የተበተኑ ህዋሶች ናቸው። አከማችተው አያስቀምጡም፤ ሲያስፈልግ ይሠራሉ። የኦክስጅን መለኪያቸው ኤችአይኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ሲኖር አንድ ኢንዛይም ኦክስጅኑን ራሱን ተጠቅሞ በፕሮቲኑ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ምልክት ያለበትም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈራርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ ይቀራል፣ ፕሮቲኑ ይተርፋል፣ ወደ ኒውክለስ ገብቶም የኤሪትሮፖይቲንን ጂን ያበራል። ይህን አሠራር ለፈቱት ለግሬግ ሰመንዛ፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለዊሊያም ኬሊን የ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል።

ለምን ኩላሊት? ልብ ወይም ጡንቻ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ሰው በሮጠ ቁጥር ኦክስጅን ያነሰ ይመስለው ነበር። በኩላሊት ግን የሚገባው ደም ሲቀንስ የሚጣራውም ጨው ይቀንሳል፤ ጨውን መልሶ ለመምጠጥ የሚወጣው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። ገቢና ወጪው አብሮ ስለሚሄድ በዚያ ሥፍራ የኦክስጅን መጠን የሚያሳየው በይበልጥ ደሙ የተሸከመውን ኦክስጅን ነው።

ከበሩ በኋላ፦ ብረትና ስንብት

በሩን ያለፈው ህዋስ በአጉሊ መነጽር መታየት ይጀምራል። ፕሮኤሪትሮብላስት ይባላል፤ ትልቅ ነው፣ ኒውክለሱም አብዛኛውን ቦታ ይይዛል። ከዚህ በኋላ ባብዛኛው አራት ጊዜ ይከፈልና 16 ገደማ ልጆች ይሰጣል። በየክፍፍሉ መጠኑ ይቀንሳል፣ ኒውክለሱ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለወጣል። በላቦራቶሪ ማቅለሚያ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ፕሮቲን የሚሠራበት አርኤንኤ ሞልቶበታልና። ሄሞግሎቢን እየበዛ ሲሄድ ሰማያዊውና ሮዙ ይቀላቀላሉ፣ በስተመጨረሻም ህዋሱ ሮዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ መያዝ ያለበት ቁም ነገር የፍላጎቱ መለዋወጥ ነው። ህዋሱ ሄሞግሎቢን መሙላት ሲጀምር የኤሪትሮፖይቲን ተቀባዮቹ ይመናመናሉ፤ በእነሱ ፋንታ ብረት የሚያስገቡ ተቀባዮች ይበዛሉ። አንድ ቀይ ህዋስ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ እያንዳንዱም አራት የብረት አቶም ይፈልጋል። ለዚህ መቅኔው በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ያስፈልገዋል። ከምግብ የሚገባው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሌላው ካረጁት ህዋሶች ተመልሶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሆርሞኑ ያተረፈውን ህዋስ ብረት ማጣት ሊያከሽፈው ይችላል። ብረት ያጣው ህዋስ ትንሽና ገርጣ ይሆናል። ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት ያጣው ደግሞ ዲኤንኤውን በጊዜው ማባዛት ስለማይችል ሳይከፈል ያብጣል፤ ብዙውም እዚያው መቅኔ ውስጥ ይሞታል።

ክፍፍሉ ሲያበቃ ህዋሱ ኒውክለሱን ይጥላል። ኒውክለሱ በቀጭን ሽፋን ተጠቅልሎ ከህዋሱ ይቆረጣል፤ በመሐል የተቀመጠውና በዙሪያው የሚበስሉትን ህዋሶች የሚንከባከበው ማክሮፌጅ ወዲያው ይውጠዋል። ኒውክለስ አልባው ህዋስ ሬቲኩሎሳይት ይባላል። በመቅኔ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ደም ይወጣል፤ የቀረውን አርኤንኤና ሚቶኮንድሪያ አስወግዶ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የለመድነውን መሐሉ የጎደጎደ ቅርጽ ይይዛል። ዲኤንኤ የሌለው ህዋስ ራሱን መጠገን ስለማይችል የዕድሜው ገደብ ከዚህ ይመነጫል።

አንድ ታማሚ በቁጥር

የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ የመቅኔውን ሥራ በደም ውስጥ የሚያሳይ ቀላል ምርመራ ነው፤ አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድካም የበዛበት አንድ ጎልማሳ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሄደ እንበል። ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም ቀይ ህዋሶች በደሙ ውስጥ የያዙት ድርሻ፣ 25 በመቶ ነው። ሬቲኩሎሳይቱ 3 በመቶ ሆነ። ጤነኛ ሰው ከ0.5 እስከ 2.5 በመቶ ስለሆነ 3 ከፍ ያለ ይመስላል። ሐኪሙ በዚህ ረክቶ መቅኔው በደንብ እየሠራ ነው ቢል ግን ይሳሳታል።

መጀመሪያ፣ 3 በመቶው የተሰላው ከተመናመነ ደም ነው። መደበኛውን ሄማቶክሪት 45 ብለን ብናስተካክለው 3 ሲባዛ በ25፣ ሲካፈል ለ45፣ 1.7 ገደማ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ደም በጣም ሲያንስ ሬቲኩሎሳይቶች ሳይበስሉ ስለሚወጡ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይታያሉ፤ በ25 ሄማቶክሪት ሁለት ቀን ገደማ። ስለዚህ ለሁለት ይካፈላል፦ 0.8 ገደማ። እንዲህ ያለ የደም ማነስ ላለበት ሰው ከ2 በላይ ይጠበቅ ነበር። መቅኔው ለጉድለቱ መልስ አልሰጠም። ከሳምንት በፊት ከጨጓራ ቁስል ደም የፈሰሰው ሌላ ታማሚ በዚያው ሄማቶክሪት 9 በመቶ ቢያሳይ ስሌቱ 2.5 ይሆናል፤ የእሱ መቅኔ መልስ ሰጥቷል።

የመጀመሪያው ሰው ምርመራ ሲቀጥል የህዋሶቹ መጠን መደበኛ ሆነ፤ ቫይታሚኖቹም አልጎደሉም። ክሬአቲኒኑ ግን ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቱ ተዳክሟል። የኤሪትሮፖይቲኑ መጠን ቢለካ ለጤነኛ ሰው ከተቀመጠው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ይህን ያህል ደም ያነሰው ሰው ብዙ እጥፍ ሊኖረው ይገባ ነበር። መደበኛ የሚመስለው ቁጥር ለእሱ ጉድለት ነው። እጩ ህዋሶቹ በበሩ ላይ እየቀሩ ነው።

ለዚህ ሰው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ተገቢ ሕክምና ነው፤ ከመርፌው በፊት ግን ብረቱ መለካት አለበት። ብረት ከሌለው ሆርሞኑ ህዋሶቹን አትርፎ ለሌላ እጥረት ያስረክባቸዋል። ብረቱ በቂ ከሆነ ሬቲኩሎሳይት በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ይጨምራል፣ ሄሞግሎቢን ግን በጉልህ የሚነሣው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ህዋሱ ከበሩ እስከ ደም ሥር የሚሄድበት መንገድ በመጠን ብዛት አያጥርም። መጠኑን መግፋት አደጋም አለው፤ በ2006 እና በ2009 የወጡ ትላልቅ ጥናቶች የኩላሊት ታማሚዎችን ሄሞግሎቢን ወደ 13 ግራም ለማድረስ መሞከር ጥቅሙ ጥቂት ሆኖ ጉዳቱ እንደሚበዛ አሳይተዋል፤ በ2009ኙ ጥናት ስትሮክ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር።

መልእክቱ አልቆም ሲል

የበሩ ትርጉም በግልጽ የታየው በአንድ ፊንላንዳዊ ነው። ኤሮ ማንቲራንታ በ1960ና በ1964 የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሦስት ወርቅ ያገኘ ስፖርተኛ ነበር፤ ሄሞግሎቢኑ በኋላ ሲለካ ከ20 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1993 በቤተሰቡ ላይ የወጣው ጥናት ምክንያቱን ገለጠ። የኤሪትሮፖይቲን ተቀባዩ ከህዋሱ ውስጥ ባለው ጫፉ 70 አሚኖ አሲድ ጎድሎት ነበር። የጎደለው ክፍል መልእክቱን የሚያቆሙ ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ በደሙ ያለው ኤሪትሮፖይቲን ሳይበዛ ህዋሱ ይበዛል።

ፖሊሲቴሚያ ቬራ በተባለው በሽታ ደግሞ ብልሽቱ አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ ጃክ2 ላይ ነው። በ2005 የታወቀው ይህ ለውጥ ኢንዛይሙን ሁልጊዜ ንቁ ያደርገዋል፤ የታማሚው ሲኤፍዩ-ኢ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሆርሞን ያድጋል። በሁለቱም ሁኔታ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ኤሪትሮፖይቲኑ ዝቅ ይላል። ኤሪትሮፖይቲኑም ከፍ ካለ ሐኪሙ ምክንያቱን ከመቅኔው ውጭ ይፈልጋል፦ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ዕጢ ወይም የከፍታ አየር።

ስሜን ተራሮች ላይ

ከፍታ ሲነሣ የእኛ ደጋ የራሱ ጥያቄ አለው። በአንዲስ ተራሮች ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ሲሳሳ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አንዳንዶቹም በደም መወፈር ይታመማሉ። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለኩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15 ግራም ሆነ፤ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95 በመቶ ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከስሜኖቹ ከፍ ያለ እንደሆነ አሳይቷል፤ የባሌው ከፍተኛ ሥፍራ አሠፋፈር ከስሜኑ በጣም የቅርብ ጊዜ መሆኑ እንደ አንድ ማብራሪያ ቀርቧል።

ከፍታው ተቀራራቢ ሆኖ የደሙ ምላሽ መለያየቱ ሜትር ብቻ እንደማይወስን ያሳያል። ወሳኙ ኩላሊቱ ጋ የደረሰው ኦክስጅንና ለዚያ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ የስሜን ሰው ደም ኦክስጅኑን ከያዘ መለኪያው የሚያስጮኸው ነገር የለም።

እንግዲህ የዚህ ዳሰሳ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀይ ህዋስ ለመሆን ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ከኩላሊት የሚመጣው የመትረፍ ፈቃድ፣ ኋላ ከምግብና ከአሮጌ ህዋሶች የሚመጣው ብረትና ቫይታሚን። የደም ማነስ እንዳለብዎ የተነገርዎ አንባቢ ሆይ፣ ሄሞግሎቢኑ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ሬቲኩሎሳይቱ ለደም ማነሱ ልክ መስተካከሉን፣ ብረቱና ኩላሊቱ መታየታቸውን ይጠይቁ። ህዋሶቹ የቀሩት በየትኛው እርከን ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ የተጀመረ ሕክምና ወራት ሊያባክን ይችላል።